ስልሳ ሁለት ገበሬ፣ አንድ ተራራ

ሊቀመንበሩ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉና፣ «ይኸውልሽ ልጄ፣ አሳምረሽ ጻፊው። ገዢው ሐሙስ ይገባል» አሏት።

የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጸሐፊ ናት። ደብዳቤውም ቃለ ጉባኤውም በእጇ ነው፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ ከናሙና ከረጢት ጋር የሚሄደውን ካርድ ትጽፋለች። ከፎቶ ሥር አምስት ስድስት መስመር ብትሆን ነው፦ ቡናው የየት እንደሆነ፣ ማን እንዳለማው፣ እንዴት ታጥቦ እንደደረቀ። ባሕር ማዶ ያለ ገዢ ቡናውን በአፉ ከመቅመሱ በፊት በዓይኑ የሚቀምሰው ያቺን ካርድ ነው።

ወረቀቷ ስለ አንድ ሎት፣ ለብቻው ተለይቶ ስለሚሸጥ የቡና ክምችት፣ እንዲህ ትላለች፦ «ሎት ሰባት። ከላይኛው ተራራ ብቻ። ስልሳ ሁለት ገበሬ። ሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ። በማድረቂያ አልጋ ላይ አሥራ አራት ቀን የደረቀ።» «ብቻ» የምትለዋ ቃል ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል።

«ጋሼ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቃል ላይ የሚያሰምሩት?» አለች በሆዷ። እውነት የሆነ ነገር ማስመሪያ ምን ያደርግለታል?

ጆንያውን ሳታይ ካርድ ጽፋ አታውቅም፤ ወደ መጋዘኑ ወረደች። መጋዘን ጠባቂው የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። የቁልፉ ዘለላ ከወገቡ ስለማይለይ አገር ምድሩ «ቁልፌ» ይለዋል። ሌላ ቀን ቢሆን «ምሁሯ መጣችልን!» ብሎ ይቀልድባት ነበር። ያን ቀን በሩ ላይ ተገትሮ ቆመ።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ሎት ሰባትን ልየው ብዬ።»

«ጆንያ ያው ጆንያ ነው። የተሰጠሽን ጻፊ።»

«ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ምን ነክቶሃል?»

«እኔን ምን ይነካኛል?» አለና መንገድ ለቀቀላት፤ ግን እግር በእግር ተከተላት።

ጆንያዎቹ በእንጨት ርብራብ ላይ ተደርድረዋል። ከፊት ያሉት በሰማያዊ ክር ተሰፍተዋል፤ ግድግዳውን ተደግፈው የተደበቁት ግን በነጭ። ሁሉም ላይ «ሎት ሰባት» የሚል ምልክት ተንጠልጥሏል።

«ክሩ ለምን ተለያየ?»

«ሰማያዊው አልቆብን ነዋ።»

በሩ አጠገብ ምስማር ላይ የተሰቀለ፣ ገና ግማሹ ያልተነካ ሰማያዊ ጥቅል ዓይኗ ገባ። ሆድ ይፍጀው ብላ ወጣች።

ቤቷ ገብታም አላረፈችም። አምና የጎረቤት ማኅበር መጋዘን ጠባቂ ምርጡን ቡና በሌላ ቀይሮ ተይዟል ሲባል ሰምታለች። ቁልፌስ? ባለፈው ወር ቤቱን በአዲስ ቆርቆሮ አልብሷል። ያ ቆርቆሮ ከየት መጣ? ለባሏ ልትነግረው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። የእናቱ ልጅ ነው፤ ምን ብላ ትንገረው? ከወንድሜ ጋር አታጣይኝ ቢላትስ?

በማግስቱ ወደ ቡና ቀማሿ ሄደች። ቀማሿ ቃል የምትቆጥብ፣ ምላሷን ለቡና ብቻ ያስቀመጠች ሴት ናት። «ከሁለቱም ክር ናሙና ውሰጂልኝ» አለቻት ጸሐፊዋ። ናሙና መውሰድ የቀማሿ ሥራ ነውና ቁልፌ እምቢ ማለት አልቻለም።

ቀማሿ ገለፈቱን አስወልቃ፣ ሁለቱንም በስሱ ቆልታ ፈጨችና ለየናሙናው አምስት አምስት ኩባያ ደረደረች። የፈላ ውኃ አፈሰሰችባቸው፤ አራት ደቂቃ ጠብቃ ላዩ ላይ የረጋውን በማንኪያ እየሰበረች አሸተተች። ቀዝቀዝ ሲል በማንኪያ እየሳበች ቀመሰች፣ ተፋች፣ ደግማ ቀመሰች።

«ሰማያዊው የላይኛው ተራራ ነው፤ ኮምጠጥ፣ ጣፈጥ ይላል» አለች። «ነጩ ክፉ አይደለም። ግን ዝቅ ካለ ቦታ የመጣ ነው። ፍሬውም ቀለል ይላል። ተደባልቆ ቢቀርብ ገዢው አምስት ኩባያ ቀድቶ ሁለቱ ከሦስቱ ሲለዩበት እዚያው ይነቃል።»

ጸሐፊዋ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ገሰገሰች።

«ወንድም ጋሼ፣ የላይኛውን ቡና ለማን ሰጠኸው?»

ቁልፌ መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ጠቆረ።

«ሌባ ነህ ነው የምትይኝ?»

«ነጩ ክር የላይኛው ተራራ አይደለም። ተቀምሷል። ቆርቆሮውም…»

«ቆርቆሮውን ልጄ ናት የላከችልኝ!» ጮኸ። ከዚያ ጆንያ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «ያ ዝናብ የበዛበት ሳምንት ትዝ ይልሻል? የታችኛው ሰፈር መፈልፈያ ማሽን የተሰበረ ጊዜ? የሰፈሩ ሴቶች እሸቱን ተሸክመው መጡ። እሸት ቡና ደግሞ አያድርም፤ አድሮ ከሞቀ ጣዕሙ ይበላሻል። ሴቶቹ በር ላይ ቆመው እያየሁ ልመልሳቸው? ሦስት ቀን ተቀበልኩ። ጋሼም ተቀበል ብለውኛል። ለብቻው አጥቤ፣ ለብቻው አድርቄ፣ እንዳይጠፋኝ በነጭ ክር ሰፋሁት። የሎት ሰባትን ምልክት ያንጠለጠሉት እሳቸው ናቸው፤ ጆንያው እንዲበዛ። አፍህን ያዝ አሉኝ፤ ያዝኩ።»

ጸሐፊዋ መሬት ብትውጣት በወደደች። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ወንድም ጋሼ።»

«እሱ ሌላ ጊዜ ነው» አለ፣ ፊቱን ሳያዞርላት።

ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄዳ የሰማችውን ዘረገፈችው። አልካዱም። «ገዢው አንድ ተራራ ነው የሚፈልገው። ታች የሚሉት ሩቅ አገር መሰለሽ? አንድ ወንዝ ነው የሚለየን። ያልኩሽን ጻፊ» አሉ። እሷ ግን ሁለት ካርድ ጻፈች። በአንዱ የላይኛውን ተራራ፣ በሌላው የታችኛውን ሰፈር፣ የተሰበረውን ማሽንና የዚያን ሳምንት ዝናብ። ቁልፌ ትንፍሽ ሳይል የነጩን ክር ጆንያዎች ለብቻ ደረደራቸው።

ሐሙስ ገዢው ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። ጸሐፊዋ ሁለቱን ካርዶች ስታቀርብ ሊቀመንበሩ ከማኅደራቸው ሦስተኛ ካርድ መዘዙ፤ ሌላ ሰው ያጻፉት ነው፣ «ብቻ» አለበት። ገዢው ሦስቱንም አገላብጦ አነበበና፣ «የትኛው ነው እውነተኛው?» ሲል በአስተርጓሚው ጠየቀ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያኔ ቁልፌ ወደ ፊት ወጣ። «ስህተቱ የእኔ ነው። ምልክቱን አሳስቼ ያንጠለጠልኩት እኔ ነኝ» አለ። ሽማግሌው በባዕድ ፊት እንዳያፍሩ ብሎ ነው።

ጸሐፊዋ ወንድም ጋሼን ለሁለተኛ ጊዜ ሌባ ማስባል አልሆነላትም። «እሱ አይደለም» አለች። «እሱ ለይቶ ነው ያስቀመጠው። የደባለቅነው በወረቀት ነው፣ ጽሕፈት ቤት ውስጥ። ሁለቱ ካርዶች ትክክል ናቸው፤ ይቅመሱትና ይፍረዱ።»

ገዢው ቀመሰ። የላይኛውን ሊወስድ ተስማማ፤ ግን የስልሳ ሁለቱም ገበሬ ማሳ መገኛ በካርታ ካልተላከልኝ አልፈርምም አለ። «አንዴ ሦስት ካርድ ካየሁ በኋላ ቃል አይበቃኝም» አለ። ነጩን አልወሰደውም። ያ ቡና ከሌላ ተራ ቡና ጋር ተቀላቅሎ፣ ካርድ ሳይኖረው ሄደ።

ሊቀመንበሩ ለአንድ ወር ያህል ከሰላምታ በቀር ቃል አልተነፈሱላትም። ማሳ ለማሳ እየዞሩ መገኛውን የመዘገቡት እሷና አንድ ካርታ አንሺ ናቸው። ስልሳ ሁለት የተባሉት ስልሳ ሆነው ተገኙ፤ ሁለቱ መሬታቸውን ቀድሞውኑ በዝርዝሩ ላይ ላሉ ልጆቻቸው ካወረሱ ቆይተዋል። እሱንም አረመችው።

በወሩ ከታችኛው ሰፈር አራት ሴቶች ጽሕፈት ቤቱ ድረስ መጡ። ማሽናቸው ተጠግኗል። «ለኛም ካርድ ጻፊልን፤ የኛንም ቡና የኛ ነው በይልን» አሏት።

«መጀመሪያ ማሳችሁን ልየው» አለች።

መንገዱን የሚያውቀው ቁልፌ ነው። መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ሰማቸው። ቁልፉን ቅጭል ቅጭል አደረገና፣ «እኔ አደርሳታለሁ። ግን የምታየውን በዓይኗ ትይ፤ እኔን አትጠይቀኝ» አለ።

«እሺ፣ ወንድም ጋሼ።»

ቀድሟት መንገድ ጀመረ። የወንዙ ድልድይ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሞ ጠበቃት።