የአባቴ የፈላ ውሃ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አባቴ ጋሼ ጀማለዲን፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለው ሱቃቸው ደረቅ እርሾ በጣሳ ይሸጡ ነበር። መርካቶ ውስጥ ስለ እርሾ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህንን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን መሳለሚያ ዳቦ እየጋገሩ የሚሸጡት እትዬ በለጥሻቸው ጣሳቸውን ይዘው መጡና ባንኮኒው ላይ ጓ አደረጉት።

«ጋሼ ጀማለዲን፣ እርሾዎ ሞቷል! ሊጤ አልነሳም ብሎ ተኝቷል።»

«የእኔ እርሾ? ወላሂ አልሞተም! እንዳልኩዎት በፈላ ውሃ በጥብጠውታል?»

«እንዴታ! እየተንተከተከ ነዋ!»

«እንግዲያው ጥፋቱ የእጅዎ ነው።»

ወይ ጉድ! እትዬ በለጥሻቸውን እንዲህ ብሎ በሰላም የሚያድር የለም።

እኔ ጠሂራ፣ ያኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከመስከረም ጀምሮ ትምህርቱን ትቼ ሱቅ እንድይዝ ወስነው ነበር፤ እኔ ግን መማር ነበር የምፈልገው። ስለዚህ ደፈር ብዬ፣ «ጣሳውን የባዮሎጂ አስተማሪያችን ይፈትኑት» አልኳቸው።

አባቴ ሳቁብኝ። «ይሁን! ለሱቄ የሚጠቅም ነገር ካሳዩኝ ትምህርትሽን ቀጥይ። ካላሳዩኝ ግን ነገሩ አለቀ።»

በማግስቱ ሁለቱም ተኳራፊዎች ክፍላችን መጥተው ኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። መምህር ዘውገ ሁለት ጠርሙስ አቀረቡ። በሁለቱም ከዚያው ጣሳ እኩል እርሾ፣ እኩል ስኳር አስጨመሩን። ከዚያ ራሳቸው በአንዱ ለብ ያለ፣ በሌላው የፈላ ውሃ በእኩል መጠን ቀዱና በጠርሙሶቹ አፍ ላይ ፊኛ አጠለቁ።

የፈላ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ላይ ያለው ፊኛ ወዲያው ቀና አለ። አባቴ ብድግ አሉ። «ይኸው! ምን ብዬ ነበር?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ ትምህርቴ አለቀ በቃ።

«ይረጋጉ፣ ጋሼ» አሉ መምህር ዘውገ። «ያ የሞቀ አየርና እንፋሎት ነው። ይቀዝቅዝና እናያለን።»

ሌላ ትምህርት ተምረን ተመለስን። የፈላው ፊኛ እንደ አሮጌ ካልሲ ተንጠልጥሏል። ለብ ባለው ውስጥ ግን አረፋው ኩፍ ብሏል፣ ፊኛውም ተነፍቶ ቆሟል።

«እርሾው ሕይወት አለው» አሉ መምህር ዘውገ። «ስኳሩን እየበላ ጋዝ ያወጣል፤ ሊጥ የሚያስነሳውም ይኸው ጋዝ ነው። የፈላ ውሃ ግን ይገድለዋል።»

«ጥፋቱ የእጄ ነው አሉ!» አሉ እትዬ በለጥሻቸው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። አባቴ ጣሪያውን ያዩ ጀመር።

ከዚያ እኔና አባቴ ወደ ሱቅ ተመለስን። እንደገባን አንዲት ደንበኛ እርሾ ጠየቀቻቸው።

«ውሃው ለብ ያለ ይሁን!» አሏት፤ «ከፈላማ ይሞታል! ይኼ የሚጠፋው ሰው አለ እንዴ?»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ደንበኛዋ እስክትወጣ ጠበቅኩ። «አባባ፣ ከመስከረም ጀምሮ ባንኮኒውን ልያዝ?»

«የምን ባንኮኒ?» አሉ፣ ጣሳዎቹን እያዩ። «ስምንተኛ ክፍል ግቢ። ሌላ ስንት ነገር እንደገደልኩ ማን ያውቃል?»