ያለፈ ነገር አይነሳም

እህቴ ወይንሸት ፍሩትቬል ሰፈር ያለው ቤቷ ሰበሰበችን። የቅዳሜው ሠርግ አራት መቶ ሰው የተጠራበት ስለሆነ ሥራ ሳንከፋፈል አይሆንም። ሙሽራዋ ልጇ ብሩክታዊት አጀንዳውን በየስልካችን ልካልናለች፤ ከላይ ሦስት ደንብ አለው። አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ሥራ የደረሰው እምቢ አይልም፤ ካልተመቸው አብሮት የሚቀያየር ሰው ይፈልጋል። ያለፈ ነገር አይነሳም።

ሦስተኛው ለማን እንደተጻፈ የገባኝ አባቷ መንገሻ ከካምቤል ከተማ መጥቶ ሶፋው ላይ ዘና ብሎ ሲቀመጥ ነው። ልጅቷን ገና በእቅፍ እያለች ጥሏት የሄደ ሰው ነው። ትምህርት ቤት ያመላለስኳት፣ መኪና መንዳት ያስተማርኳት እኔ አጎቷ ነኝ።

ምግቡን፣ አዳራሹን፣ ዲጄውን ተከፋፈልን። "ሙሽራዋን መርቆ የሚሸኝ" የሚለው ላይ ስንደርስ መንገሻ እጁን አወጣ። እኔ አፌን ስከፍት ወይንሸት ስልኳን በጣቷ መታ መታ አደረገች፤ ደንብ ሦስት መሆኑ ነው።

"ኔክስት፣ ትራንስፖርት" አለች ብሩክታዊት፣ ዓይኔን ሳታይ። "ዳዲን ከካምቤል ፒክ የሚያደርገው አንክል ክፍለ ነው።"

ደንብ ሁለት ትዝ አለኝና ወደ መንገሻ ዞርኩ። "እንቀያየር?" አልኩት።

"አንክል፣ ፕሊስ" አለች ልጅቷ።

"እሺ" አልኩ። "መንገሻ፣ በጠዋት እመጣልሃለሁ። የዚያን ቀን እንኳ ቤትህ ተገኝ።"

ወይንሸት ደንቡን ልታሳየኝ ስልኳን አነሳች።

"ምን አጠፋሁ?" አልኳት። "ያወራሁት ስለሚመጣው ቅዳሜ ነው።"