ሁለት ተኩል ላይ የተጠሩት

በሆስፒታሉ የሰው ኃይል ቢሮ ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ብዙ ነው፣ በስሟ የሚጠራት ግን የለም። ሁሉም ደወል ይላታል። ተራ ሲደርስ ወደ ኮሪደሩ ብቅ ብላ ቁጥር ስለምትጣራ የወጣላት ቅጽል ነው። አልጠላችውም፣ አልወደደችውምም። እናቷ ካረፉ ስምንት ወር ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ የምትጠላውም የምትወደውም ነገር አልተገኘም። ትነሳለች፣ ትጸልያለች፣ ሥራ ትገባለች። ጸሎቱም ከልቧ ይሁን ከልማዷ አንድዬ ያውቃል።

ያን ሰሞን በካርድ ክፍልና በመቀበያ መስኮቶች የሚሠሩት ሁሉ እንደ አዲስ ይወዳደሩ ተባለ። ሰዎቹ ስልሳ ሦስት፣ ቦታው አርባ ሁለት። በሦስት ቀን ቃለ መጠይቁን የሚጨርሱ ሦስት ፈታኝ ቡድኖች ተሰየሙ። የተገኘው ክፍል ግን ሁለት ብቻ ነበር፤ ሦስተኛው ጣሪያው ያፈሳል።

“ሦስት ቡድን በሁለት ክፍል?” አለ አጠገቧ የሚቀመጠው ጸሐፊ። “አንዱን ደረጃው ላይ ልታስቀምጪው ነው?”

“አንዱ ያርፋል” አለችው፣ ከወረቀቱ ቀና ሳትል።

እንዳለችውም አደረገች። ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት መደበች፤ ሃያው ደቂቃ ለጥያቄ፣ አሥሩ ነጥብ ለመስጠት። ጠዋት ከሁለት ተኩል እስከ አምስት ተኩል፣ ከሰዓት ከሰባት ተኩል እስከ አሥር ተኩል። በመጀመሪያው ሰዓት አንደኛውና ሁለተኛው ቡድን ሲገቡ ሦስተኛው ያርፋል። ቀጥሎ ሁለተኛው ይወጣና ሦስተኛው ይተካዋል። በመጨረሻው ሰዓት ደግሞ የማረፉ ተራ የአንደኛው ነው። ከሰዓትም እንደዚያው። ክፍል ባዶ አይውልም፣ ፈታኝም ወገቡ አይቆረጥም። አንድ ቡድን በቀን ስምንት ሰው ማየት ይችላል፤ እሷ ሰባት መደበችና የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት ክፍት ተወቻት። ለታመመ፣ መኪና ለተበላሸበት፣ አሳማኝ ወረቀት ላመጣ።

የፈታኝ ዘመድ በዘመዱ ፊት እንዳይቀርብ አረጋገጠች። አለቃና ምንዝርን ለያየች። ይኼን ሁሉ የሠራችው በቁጥር ብቻ ነው። ስም ካየች ፊት ይመጣባታል፤ ፊት ከመጣባት ደግሞ ሥራው አይገፋም። አርባ አንድ ቁጥር ታናሽ እህቷ እንደሆነች ታውቃለች። አርባ አንድን እንደ አርባና እንደ አርባ ሁለት ቦታዋ ላይ አስቀምጣ አለፈች።

የሌሊት ተረኞች ሁለት ሰዓት ላይ ስለሚወጡ ቶሎ ጨርሰው ይተኙ ብላ ከመጀመሪያው ሰዓት አስገባቻቸው። የቀን ተረኞችንም መስኮታቸው ብዙ ተዘግቶ እንዳይቆይ ብላ እዚያው ሰዓት ላይ ጠራቻቸው። ሁለቱም ደግነት ነበር።

እህትማማቾቹ ከእናታቸው በቀረች ቤት አብረው ይኖራሉ። ይኖራሉ ማለት ከተቻለ። ታላቂቱ ጠዋት ስትወጣ ታናሺቱ ከሌሊት ሥራ አልተመለሰችም፤ ታናሺቱ ማታ ስትወጣ ታላቂቱ አልገባችም። ቁልፉ በር ላይ ካለው የውሃ ጀሪካን ሥር ይቀመጣል። እናታቸው በታመሙበት ሰሞን ያስታመመችው ታናሺቱ ናት፤ ታላቂቱ በሥራ አሳባ ዘግይታ ደረሰች። በዚያ ላይ ማንም ምንም አልተናገረም። “እትዬ” ብላ መጥራቷን ብቻ ታናሺቱ ተወች። አሁን “ውሃ አልቋል”፣ “መብራት ቆጥቢ” ነው ወሬያቸው።

ሦስተኛው ቀን፣ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ደወል በኮሪደሩ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታለች። የሁለት ተኩሉ አርባ አንድ አልቀረበም፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቃ ኤክስ አድርጋበታለች። የዕለቱ ሦስት ክፍት ቦታዎችም ትናንት ለቀሩ ሰዎች ተይዘዋል፤ አንድ አውቶቡስ ተበላሽቶ ሁለት ሰው አስቀርቷል፣ አንዷ ደግሞ የታመመ ልጇን ይዛ ነው ያደረችው። ሦስቱም ወረቀት አምጥተዋል።

ከፊቷ አንድ ሰው ቆመ።

“ሰዓቱ አልፏል” አለች፣ ቀና ሳትል። “ከኃላፊሽ ወረቀት አምጪ። ቦታ ካለ ይታያል።”

“እሺ።”

እሺ ያለው ሰው ግን አልሄደም። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያረፈው እጅ የእናቷን ቀለበት አድርጓል። ደወል ቀና አለች። እህቷ ዓይኗ ደም መስሏል።

“የት ነበርሽ?”

“መስኮቴ ላይ ነዋ። የት እሆናለሁ?”

“ሁለት ሰዓት አይደል የምትወጪው?”

“የሚተካኝ ሲመጣ ነው የምወጣው። የምትተካኝን ልጅ ደግሞ ሁለት ተኩል ላይ አንቺ ጠርተሻታል። ቀጥታ ወደ እናንተ ወጣች፤ እኔ ጋ የመጣችው ሦስት ሰዓት አልፎ ነው። የድንገተኛ መስኮት እንደ ሌላው ወረቀት ለጥፈው የሚዘጉት አይደለም። ሰው እየደማ ይመጣል።”

“ታዲያ አትደውዪም?”

“አራቴ ደወልኩ።”

ስልኳ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ድምፁ ተዘግቶ። የተፈታኝ ዘመድ እየደወለ አላስቀምጥ ሲላት የዘጋችው ነው።

ደወል ወረቀቷን አየች። አርባ አንድና ተተኪዋ ጎን ለጎን፣ በአንድ መስመር ላይ፣ ባማረ ጽሕፈት ተቀምጠዋል። ክፍል አይታለች፣ ዘመድ አይታለች፣ ዕረፍት አይታለች። ማን ማንን እንደሚተካ አላየችም። መደንገጥ እንዳለባት ታወቃት። ድንጋጤው ግን የጎረቤት ሬዲዮ ይመስል ከግድግዳ ወዲያ ነበር።

“ካርድ ክፍል ግቢና ካርቶኖቹ ላይ ጋደም በዪ” አለች። “ወደ ቤት እንዳትሄጂ።”

አራት ተኩል ላይ አንደኛው ቡድን ለዕረፍት ወጣ። ሰብሳቢው ዋናው ፋርማሲስት ናቸው፤ ጡረታ የደረሱ፣ ወገባቸውን ይዘው የሚሄዱ ሰው። ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ወዲያው ተበትነዋል። ደወል ነገሩን ሳታስጌጥ ነገረቻቸው።

“ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥር ተኩል እርስዎ ዕረፍት ነዎት። ክፍሎቹ ግን ተይዘዋል። የእኔን ቢሮ እለቃለሁ። በር አለው፣ ይዘጋል። አንድ ሰው እንዲያዩልኝ ነው፣ ጋሼ።”

“የእኔ ወገብ በዚህ ፕሮግራምሽ ላይ ስንተኛ ተራ ነው?” አሏት። “ለመሆኑ ማናት?”

“አርባ አንድ።”

“እሱማ ቁጥር ነው። ማናት?”

“እህቴ ናት። የእናቴ ልጅ።”

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። “ለእህትሽ ብቻ ከሆነ አልቀመጥም። አንቺም እንድቀመጥ አትፈልጊም። ስህተቱ የደረሰበት ሁሉ ከመጣ ግን እቀመጣለሁ፤ ባልደረቦቼንም እኔ አሳምናለሁ። በቃለ ጉባኤው ላይ የማን ስህተት እንደሆነ ጽፈሽ ትፈርሚያለሽ። ሂጂ፣ ፈልጊ።”

የሦስቱን ቀን ወረቀትና የመስኮቶቹን የተረኛ ሰሌዳ ጎን ለጎን ዘረጋች። መዘጋት የማይችሉት መስኮቶች ሁለት ናቸው፤ ድንገተኛና ማዋለጃ። ጣቷን እየጎተተች ወረደች። የመጀመሪያው ቀን፣ ሁለት ተኩል፣ አሥራ ሰባት ቁጥር፣ የማዋለጃ የሌሊት ተረኛ። ተተኪዋም ሁለት ተኩል ላይ፣ በሌላኛው ክፍል። በአሥራ ሰባት ላይ ኤክስ አለ። በራሷ እጅ የተደረገ፣ ቀጥ ያለ ኤክስ።

አሥራ ሰባትን አስታወሰቻት። ፊቷን አይደለም፣ ድምፅዋን። ስለ ተተኪ አንድ ነገር ስትል ነበር። ቃል በቃል ዛሬ የሰማችውን። ደወል ያኔም ቀና ሳትል ወረቀት አምጪ ብላታለች። ያን ቀን የሦስቱም ቡድን ክፍት ቦታ ሰው አጥቶ ነው የዋለው።

ስልኳን ከመሳቢያው አውጥታ ደወለች።

“ከሰው ኃይል ነው። ደወል ነኝ።”

“እኔማ ተውኩት እኮ፣ እታለም” አለች ልጅቷ። ከኋላዋ ውሃ ይንቧቧል። “ወረቀት አምጪ አልሽኝ። ፈራሚዋ ኃላፊዬ ለካ ፈታኝ ሆና ገብታለች። በር ላይ ጠበቅኳት፣ ጠበቅኳት፣ ተረኝነቴ ደረሰ። አይ፣ የእኔ ነገር ብዬ ተውኩት።”

“ስህተቱ የእኔ ነው። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ከደረስሽ ይታያል። አሥር ከሩብ ካለፈ ግን አልችልም።”

“እየቀለድሽብኝ እንዳይሆን። እጄ እስከ ክርኔ ሳሙና ነው።”

“ታጠቢና ነይ።”

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካርድ ክፍል ገባች። እህቷ በካርቶኖቹ ላይ፣ በሰው ሁሉ የሕመም ታሪክ ላይ፣ ተጠቅልላ ተኝታለች። ደወል ሹራቧን አውልቃ ደረበችላት። ሃያ ደቂቃ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ በላይ ማስተኛት አይቻልም፤ ነካ ነካ አድርጋ ቀሰቀሰቻት።

ዘጠኝ ተኩል ላይ እህቷ ቢሮዋ ገባች። ደወል ወንበር አውጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች፣ ሰው እንዳይገባ። ድምፁ በስሱ ይሰማል። እህቷ ስለ መስኮት ሥራ ስትናገር አንደበቷ ይፈታል። ስለ አዲሱ የመመዝገቢያ ደንብ ሲጠይቋት ዝም አለች። ሳታንቀላፋ አልቀረችም፤ ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

አሥራ ሰባት አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ እያለከለከች ደረሰች። ቀሚሷ ጫፉ ርጥብ ነው።

“አለፈ?”

“አላለፈም” አለች ደወል፣ ቀና ብላ። ልጅቷ ግራ ጉንጯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አላት። “ተንፍሺና ግቢ።”

ማምሻውን ቃለ ጉባኤው ላይ ስሟን ሙሉ አድርጋ ጽፋ ፈረመች። በማግስቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መጣላት፤ ሰነዷ ውስጥ አስገብታ ፋይሉን ዘጋች።

ዝርዝሩ የተለጠፈው በሳምንቱ ነው። አሥራ ሰባት አርባኛ ሆና አልፋለች። አርባ አንድ አርባ አራተኛ ወጥታ በተጠባባቂነት ተይዛለች። ከፊቷ አንድ ተጠባባቂ አለ። ደወል ሁለቱንም በስማቸው አንብባ ዝርዝሩን ቦርዱ ላይ የለጠፈችው ራሷ ናት።

ያን ዕለት ቤት ስትደርስ ጀሪካኑን ከፍ አደረገች። ቁልፉ የለም። በሩ ገርበብ ብሏል። እህቷ ወደ ሥራ መሄጃዋ ሰዓት አልፎ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፣ ሹራቡን ለብሳ።

“ዛሬ አልገባሽም?”

“ከባልደረባ ጋር ተቀያየርኩ። ለስንብት የቀረኝ አሥራ አምስት ቀን ነው፣ ምን ያደርጉኛል?”

ደወል አጠገቧ ተቀመጠች። ደረጃው ቀዝቅዟል።

“ተኝቼ ብቀርብ ኖሮ ያንን ደንብ እመልሰው ነበር?”

“ትመልሽው ነበር።”

“ያቺ የማዋለጃዋስ?”

“አልፋለች።”

እህቷ ራሷን ነቀነቀች፣ ረዘም ላለ ጊዜ። “ሁለት ልጆች አሏት” አለች። ከዚያ ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ በደወል መዳፍ ላይ አኖረችው። ብረቱ ሞቋል።

“እትዬ” አለች፣ “ውሃ አልቋል።”

ደወል ቁልፉን ጨብጣ ተነሳችና ጀሪካኑን አንድ ጎን ያዘች፤ እህቷ ሌላውን ያዘች።