ሰማንያ ሁለት ከመቶ

እንደ ጋሼ ዳይሬክተር በሽታ የሚወድ ጎረቤት ገጥሞኝ አያውቅም። የራሳቸው ጤና እንኳ የብረት ነው። ችግሩ የሌላ ሰው በሽታ በወሬ ይጋባባቸዋል። ልብስ ሰፊው ኩላሊቱን ታመመ ሲባል ጎናቸውን ደግፈው ብቅ አሉ። እኔ ጥርሴን የተነቀልኩ ዕለት እሳቸው ማኘክ አቃተኝ ብለው ዋሉ። ጡረታ ከወጡ ቢቆዩም ትምህርት ቤት ያስተዳደሩበት አንደበት አብሯቸው ስላለ፣ የሚታመሙትም በመግለጫ ነው።

ሚስታቸው እትዬ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ናቸው። እግራቸው ቢሰበር "ትንሽ ወለም አለኝ" ብለው ወጥ የሚያማስሉ ሴት። ስለዚህ ያን ሳምንት ሳላቸው በግድግዳው በኩል እኔ ቤት ድረስ ሲሰማ፣ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ገባኝ። አርብ ጠዋት ሄጄ እጃቸውን ብይዘው እንደ ምድጃ ይፈጃል።

"ብርድ ነው፣ ያልፋል" አሉ።

"ያልፋል፣ ግን በሆስፒታል በኩል ይለፍ" ብዬ ታክሲ ጠራሁ።

ጋሼ ታክሲው ውስጥ ሲገቡ ደህና ነበሩ። የትራፊክ መብራቱ ጋ ስንደርስ መሳል ጀመሩ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንወርድ ከሚስታቸው ብሰው ይስሉ ነበር። ተመላላሽ ክፍል ያለው ሐኪም ሁለቱንም ተራ በተራ አየና፣ ሁለቱም ደረታቸውን ራጅ እንዲነሱ ላከን። ጋሼ ቅር ሊላቸው ሲል ተዉት። ቢያንስ እኩል ታመዋል።

ራጁን ተነሥተው ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የራጅ ባለሙያው፣ ፈጠን ፈጠን የሚል ወጣት፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ኮምፒውተሩ ላይ ይሠራል። ጋሼ ገርበብ ያለ በር አይተው ማለፍ አይችሉም። አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ ፊታቸው እንደ ሙሽራ አብርቶ ተመለሱ።

"ሰማንያ ሁለት!" አሉኝ በጆሮዬ።

"ምኑ?"

"ውጤቴ ነዋ! የሳንባዬ ፎቶ አለ፣ ከሥሩ ሰማንያ ሁለት ይላል። እንዲያውም ሳንባዬ ላይ ቀይ ሳጥን ሠርተውበታል። ጎበዝ ተማሪ ላይ እኔም በቀይ አከብበት ነበር።"

"የእትዬስ?"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አራት።"

"ከመቶ?"

"ከመቶ።" ወደ ሚስታቸው ዞሩ። "አንቺ ሴትዮ፣ አራት አምጥተሻል። እኔ እንኳ በዚያ ሁሉ ዓመት አራት ያመጣ ተማሪ ሁለት ነው ያየሁት፣ አንዱም ፈተናውን ተኝቶበት ነው።"

"ታዲያ ምን ላድርግ፣ እደግማለኋ" አሉ እትዬ፣ ቀጥለውም ግራ ጎናቸውን ይዘው ሳሉ።

ጋሼ ግን ተነሥተው ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው ሁሉ ያስረዱ ጀመር። ሲጋራ አለመንካት፣ ጠዋት ጠዋት በእግር መሄድ፣ በአፍንጫ መተንፈስ። ክንዷን በጨርቅ ያንጠለጠለች አንዲት ሴት የምር ታዳምጣቸው ነበር።

ወጣቱ ባለሙያ ብቅ አለ። "አባቴ፣ እርስዎ ይቆዩ። ራጅ የምታነበው ዶክተር የእርስዎን ፎቶ ከሁሉም በፊት ልታየው ነው።"

"ገምቼ ነበር" አሉ ጋሼ ኮታቸውን እያስተካከሉ። "ሰማንያ ሁለት በቀላሉ የሚገኝ አይደለም።"

ልጁ ግራ ገብቶት አያቸው። "ማርክ አይደለምኮ አባቴ። ኮምፒውተሩ ላይ ራጅ የሚያይ ፕሮግራም አለ። የሚያጠራጥር ነገር ያየበት ቦታ ላይ ሳጥን ይሠራል፣ ቁጥሩ ደግሞ የጥርጣሬው መጠን ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጥርጣሬው ከፍ አለ ማለት ነው። ያኔ ፎቶው ከወረፋው ወጥቶ ሐኪሟ ፊት ይሄዳል።"

ጋሼ ተቀመጡ። ተቀመጡ ስል፣ አግዳሚው ባይኖር ወለሉ ላይ ነበር የሚሆነው።

ልጁ ሊያጽናናቸው ፈልጎ ባሰበት። "እንዲያውም ጥሩ ነገር ነው። ዛሬ ጠዋት ከወረፋው መጨረሻ የነበረ ሰው በዚሁ ፕሮግራም ነው ወደፊት የመጣው። አንዱ ሳንባው ሟሽሾ፣ ዙሪያውን አየር ሞልቶት ነበር። ዶክተሯ አይታ አረጋገጠችና ሐኪሞቹ ወዲያው ደረቱ ውስጥ ቱቦ አስገብተው አየሩን አወጡለት። ተራውን ቢጠብቅ ኖሮ..."

"ቱቦ" አሉ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር። የሚያተኩሰው የእትዬን ሰውነት ነው፣ የተጋደሙት ግን ጋሼ ናቸው። እትዬ በሻርፓቸው ያራግቡላቸዋል። ጋሼ ኑዛዜ ጀመሩ።

"መጻሕፍቴን ለትምህርት ቤቱ።"

"አምና ሰጥተሃቸው መልሰውልሃል" አሉ እትዬ ትንፋሽ እየቆራረጣቸው።

"ሌላ ሰው እንዳታገቢ አልልሽም።"

"እግዜር ይስጥልኝ።"

"ግን አትቸኩዪ።"

እኔ ወደ ልጁ ጠጋ አልኩ። "የእሳቸውስ?" አልኩት ወደ እትዬ እያመለከትኩ።

"የእናቴ አራት ነው፣ ፕሮግራሙ ምንም አላየም። ዝቅተኛ ቁጥር ያላቸው ወረፋው መጨረሻ ላይ ናቸው። ዛሬ ደግሞ አርብ ነው፣ ዶክተሯም አንድ ናት። ሰኞ መጥተው ውጤት ቢወስዱስ?"

"ትኩሳት አላቸው እኮ።"

"ፕሮግራሙ ትኩሳት አያውቅም፣ የሚያየው ፎቶውን ብቻ ነው" አለ ልጁ። ይህን ሲል የተናገረው ለራሱም ያልተዋጠለት መሰለኝ። እትዬ ግን ሰምተው ፊታቸው ፈካ።

"ይኸው፣ ደህና ነሽ ተባልኩ። የሱን ነገር እንጨርስና ቤቴ ሄጄ ጋደም እላለሁ።"

ቤት ሄደው እንደማይጋደሙ አውቃለሁ። ለጋሼ ነው የሚሯሯጡት። ትንፋሻቸውን ሳየው ደግሞ አጭር፣ ከአንገት የማያልፍ ዓይነት ነበር። ሰኞ በጣም ሩቅ መሰለኝ።

ዶክተሯ ጠራችን። ክፍሏ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ሁለት ትልልቅ ስክሪኖች ብቻ ያበራሉ። ጋሼን እኔና እትዬ ግራና ቀኝ ደግፈን አስገባናቸው። ዶክተሯ ፎቶውን አጉልታ አየች፣ ሳጥኑን አጥፍታ እንደገና አየች።

"አባባ፣ ይቺ ክብ ጥላ የጡት ጫፍ ትሆናለች ብዬ እጠረጥራለሁ።"

"የማን?"

"የእርስዎ ነዋ።"

"እኔ ወንድ ነኝ!" አሉ ጋሼ፣ ከሞት አፋፍ በአንዴ ተነሥተው።

"ወንድም አለው አባባ።"

እትዬ ሳቅ አፈናቸው፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ዶክተሯ ግን ግምቷን እንደ ውጤት አልቆጠረችውም። ጋሼ ተመልሰው ሄዱ፣ ልጁ ሁለቱ የጡት ጫፎች ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ብረት በፕላስተር ለጥፎ እንደገና አነሣቸው። አዲሱ ፎቶ ሲመጣ፣ ያቺ ክብ ጥላ ልክ ከአንደኛዋ ብረት ጋር ተደራርባ ተገኘች።

"ሳንባዎ ንጹሕ ነው" አለች ዶክተሯ። "ፕሮግራሙ ሳንባው ላይ ክብ ጥላ አየ፣ ያ እውነት ነው። ጥላው ከውስጥ ይምጣ ከቆዳ ላይ ግን መለየት አልቻለም።"

ጋሼ በአንዴ ዳኑ። ቀጥለው ተቆጡ። ሸሚዛቸውን ወደ አንድ ጎን አጣመው እየቆለፉ፣ "ይኼ እርማት ነው? በጡት ጫፍ ሰው ኑዛዜ ያስጀምራሉ?" እያሉ ሲያጉረመርሙ ድንገት ቆሙ። ሚስታቸውን አዩ። እትዬ ወንበሩ ላይ ጎንበስ ብለው፣ መዳፋቸውን ጎናቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ነበር። ጋሼ ከጠዋት ጀምሮ በደንብ ያዩዋቸው ገና ያን ጊዜ ይመስለኛል።

"የሷንም ያው ፕሮግራም ነው ያረመው?" አሉ።

"አዎ።"

"እንግዲያው ድጋሚ ይታረምልን። እኔ ላይ ከተሳሳተ እሷም ላይ ተሳስቷል።"

"እንደዚያ ማለት እንኳ አይደለም" አለች ዶክተሯ። "እርስዎ ላይ ስለተሳሳተ እሳቸውም ላይ ተሳስቷል አይባልም። ብዙ ጊዜ ይረዳናል። ብቻ ከፍተኛ ቁጥር በሽታ ነው እንዳልተባለ፣ ዝቅተኛውም ጤና ነው አልተባለም። እናቴ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?"

"ምንም አይደለም፣ ብርድ..."

"ከማክሰኞ ጀምሮ ይስላሉ፣ ትኩሳትም አላቸው" አልኩ እኔ። "ሲተነፍሱ በግራ በኩል ይወጋቸዋል፣ አይናገሩም እንጂ።"

ዶክተሯ ፎቶውን ከወረፋው መጨረሻ ጎትታ አወጣችው። አጠቆረችው፣ አነጣችው፣ ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች። ጋሼ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆመዋል። እኔም ያዝኩ።

"ልብ በራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው" አለች በመጨረሻ። "ከጀርባው ያለ ነጭ ነገር በሱ ይሸፈናል። ይኼውላችሁ፣ ሳንባው ሥር ያለችው መስመር እዚህ ድረስ ጥርት ብላ መጥታ፣ ከልብ ጀርባ ስትደርስ ትጠፋለች። መጥፋት አልነበረባትም። እርግጠኛ ለመሆን በጎን በኩል ላንሣቸው።"

በጎን ተነሡ። በጎን ሲታይ ልብ ሳንባውን አልሸፈነውም፣ የታችኛው ክፍል ላይ የተጋገረው ነጭ ነገር ለእኔ እንኳ ታየኝ። ተመላላሽ ክፍል ያለው ሐኪም መጥቶ ጀርባቸውን አዳመጠ፣ ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያ አደረገ። ቁጥሩን ሲያይ ከንፈሩን ነከስ አደረገ።

"የሳንባ ምች ነው። ኦክስጅናቸውም ወርዷል። ዛሬ ይተኛሉ፣ መድኃኒቱን አሁኑኑ በደም ሥር እንጀምራለን። በጊዜ ነው የመጣችሁት፣ ቤት ሆነው ሰኞን ቢጠብቁ ይብስባቸው ነበር።"

ልጁ በር ላይ ቆሞ ሰምቶ ነበር። "እኔ እኮ ወደ ቤት ልልካቸው ነበር" አለ ፊቱ ጠቁሮ።

"እኔም በደከመኝ ሰዓት ባየው ላልፈው እችል ነበር" አለችው ዶክተሯ። "ወጋኝ ያሉት በግራ መሆኑን ስለሰማሁ ነው እዚያ ቦታ አፍጥጬ የቆየሁት። ከእንግዲህ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሰውየው የታመመ ከመሰለህ፣ ወረፋ አትበል፣ በሬን አንኳኳ።"

እትዬ ተኙ። ጋሼ አጠገባቸው ላለው ባዶ አልጋ ዓይናቸውን ጣል ሲያደርጉ ነርሷ ቀደመቻቸው፤ "አባባ፣ አልጋው ለታማሚ ነው።" ወንበር አመጣችላቸው። መድኃኒቱ መንጠባጠብ ጀመረ፣ እትዬ አፍንጫ ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተደረገ፣ ቀስ በቀስ ትከሻቸው ከጆሯቸው ወረደ።

ጋሼ የእትዬን የውኃ ኩባያ በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። አይስሉም። አያስረዱም። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ሲሉ አይቼ ስለማላውቅ ደንግጬ ተነሣሁ።

"ነርሷን ብጠራ ይሻላል መሰለኝ፣ ጋሼ ደህና አይደሉም" አልኳቸው ለእትዬ በሹክሹክታ።

እትዬ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጄን ያዙኝ።

"ኧረ እንዳትነኪብኝ" አሉኝ። "እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም። ትንሽ ልረፍበት።"