አበልጅ ያመጣው ሲሚንቶ

ሰው ምን ቢማር፣ ለአበልጁ የሚጻፍ የውድቅ ደብዳቤ ያስተማረው ትምህርት ቤት የለም። ዴሲሚር ያን ጠዋት በሳይቱ የቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ «ለግቮዝደን የግንባታ ዕቃዎች መደብር» ብሎ ጻፈና ቆመ። ቡናው ቀዘቀዘ። ሌላ ቀዳ፤ እሱም ቀዘቀዘ። ውጭ ሠራተኞቹ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ሚክሰሩ ዙሪያ ቆመዋል፤ የሚቦካ ነገር የለማ!

ዴሲሚር የመንደሩ ድልድይ ሳይት መሐንዲስ ነው። ሲሚንቶውን የሚያቀርበው ግቮዝደን ነው። ግቮዝደን ደግሞ ዝም ብሎ ነጋዴ ቢሆን ምን ነበረበት! የልጁን የዬፊሚያን ክርስትና ያነሣ አበልጁ ነው። ሰርቢያ ውስጥ «እግዜር በሰማይ፣ አበልጅ በምድር» ይባላል፣ ቀልድም አይደለም። ሰው ከወንድሙ ይጣላል፣ ይታረቃል፤ ከአበልጁ የተጣላን ግን ማንም ደህና ሰው ነው አይለውም። ይባስ ብሎ የገና ጾም ከመግባቱ በፊት ዬፊሚያ ልታገባ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገቧ የሚቆመው ያው ግቮዝደን ነው፤ እሱ ከቀረ ሠርጉ ሠርግ አይሆንም።

ሲሚንቶው ሳይት በገባ ዕለት አንዱ ሠራተኛ ከረጢት ቀደደና ዴሲሚርን ጠራው። ዱቄቱ ውስጥ ጓል ነበር። ዴሲሚር አንዱን ጓል በጣቶቹ መሀል ቢያሽ ቢያሽ አልፈርስ አለው። ደንቡ እንደሚያዘው በሾፌሩ ፊት ከተለያዩ ከረጢቶች ናሙና ወሰደ፣ አሸገ፤ ግማሹን ወደ ላቦራቶሪ ላከ፣ ግማሹን ቢሮ አስቀመጠ። የቀረውን ጭነት ማንም እንዳይነካው ዙሪያውን በቀይ ፕላስቲክ አሰረ። ልቡ ግን «አንድ ሁለት ከረጢት ይሆናል» ይለው ነበር።

ያን ጠዋት፣ ደብዳቤውን ሊጽፍ ከመቀመጡ በፊት፣ መርማሪዋ ዛጎርካ ከላቦራቶሪ ደወለች። ነገር ማለሳለስ የማታውቅ ሴት ናት።

«ኢንጂነር፣ ተቀምጠዋል?»

«ብቆምስ ምን ይቀየራል፤ ንገሪኝ።»

«ከተቦካ በሁለት ቀኑ ጥንካሬው ከሃያ ሜጋፓስካል ማነስ አልነበረበትም። አሥራ አንድ ወጣ። ሁሉንም ናሙና ጨፈለቅኩ፣ አንዱም አልተሻለም። በእሳት ሲጋይ የሚያጣው ክብደትም ከሚፈቀደው አልፏል። ይሄ ሲሚንቶ እርጥበት ጠጥቷል።»

«ከረጢቱ ላይ ያለው ቀን እኮ ገና የመስከረም ነው።»

«ቀኑማ ደህና ነው። የት እንዳደረ እኔን አይጠይቁኝ።»

የት እንዳደረማ እሱ ራሱ ያውቃል! በጥቅምት የግቮዝደን አረቄ ማውጫ ጎጆ ጣሪያው ተደረመሰ። አረቄ የሚወጣበት የፕሪም ፍሬ ደግሞ በየበርሜሉ ፈልቷል፣ አይጠብቅም። ግቮዝደን የመዳብ ድስቱን ነቅሎ ሲሚንቶ መጋዘኑ ውስጥ ተከለው። ሰፈሩ ሁሉ ድፍድፉን እየጫነ መጣ፤ ያገሩ ልማድ ነው፣ አረቄ በሚወጣበት ቤት በር አይዘጋም። ሳምንታት ሙሉ ድስቱ ሲንተከተክ፣ አሳማ ሲጠበስ፣ አኮርዲዮን ሲመታ ከረመ። ዴሲሚርም ነበረ። የት ተቀምጦ? ሲሚንቶው ላይ! እንፋሎቱ ከቆርቆሮው እየተንጠባጠበ ማጅራቱ ላይ ሲያርፍ በመዳፉ ጠረገና ብርጭቆውን እንደገና ዘረጋ። የስንት ዓመት መሐንዲስ! አሁን ሲያስበው በራሱ አፈረ።

በምሳ ሰዓት ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ለስታሜንካ ሲነግራት ጭልፋውን ወረወረችው።

«አንተ ሰውዬ አብደሃል? ከሠርጉ በኋላ ጻፈዋ!»

«የድልድዩ ምሰሶ ሠርግ አይጠብቅም። ብርዱ ሳይጠና መሞላት አለበት።»

«ታዲያ ሲሚንቶውን ትንሽ አብዝታችሁ አትጨምሩበትም? ሌላው ሁሉ እንዲያ አይደል የሚያደርገው?»

«በዚያ ድልድይ ላይ የተማሪ አውቶቡስ ያልፋል፣ ስታሜንካ።»

«ለልጅህ አዲስ ቤት ሰገነት ሲሚንቶውን በነፃ የሰጠ ሰው! ያውም ከፋብሪካ ትኩሱን አዝዞ! እሱን ነው አደባባይ የምታሰጣው?»

ዴሲሚር ማንኪያውን አነሣ። ደክሞት ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ከኮንትራክተሩ፣ ከዝናቡ፣ ከወንዙ ጋር ሲታገል ኖሯል፤ ከአበልጁ ጋር መታገል ግን ከአቅሙ በላይ ሆነበት። ሾርባውን ሳይጨርስ ተነሣ።

ቢሮ ተመልሶ ደብዳቤውን ጨረሰው። «ክቡር ሆይ፣» አለ፤ የመሥሪያ ቤቱ ወግ ነው። «ከላይ በተጠቀሰው የማስረከቢያ ሰነድና የምርት ቁጥር የገባው ሲሚንቶ ከተያያዘው የፍተሻ ውጤት እንደሚታየው የውሉን መስፈርት አላሟላም። ስለሆነም ሙሉ ጭነቱ ውድቅ ተደርጓል። በአምስት ቀን ውስጥ በራስዎ ወጪ እንዲያነሡ፣ የጥራት ማረጋገጫ ያለው አዲስ ሲሚንቶ እንዲተኩ እናሳስባለን። በውጤቱ ካልተስማሙ የታሸገው ቀሪ ናሙና በሌላ ላቦራቶሪ በጋራ ሊፈተሽ ይችላል።» ፈረመ። እጁ የሌላ ሰው እጅ መሰለው።

በፖስታ ሊልከው አንጀቱ አልቻለም። «ና» ብሎ ደወለለት።

ግቮዝደን አንድ ጠርሙስ አረቄ በብብቱ ሸጉጦ እየሳቀ ገባ። «የሠርጉ ነው፣ ቅመሰው!» ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ዴሲሚር ወረቀቱን ሰጠው። ግቮዝደን መነጽሩን ፈልጎ አደረገ፣ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ።

«‹ክቡር ሆይ›? እኔን ነው ‹ክቡር ሆይ› የምትለኝ?»

«ወጉ ነው፣ አበልጅ።»

«ወግህን ብላው! ልጅህን ከውኃው ያወጣሁ ሰው ‹በራስዎ ወጪ›? ያቺ የላቦራቶሪ ሴትዮ ተሳስታ ነው!»

«ናሙናው ይኸው፣ እንደታሸገ ነው። ወዳመንከው ውሰደው።»

«አገሩ ምን ይለኛል? እንጀራዬን ዘግተህ ነው ልጅ የምትድረው? ሲሚንቶዬ ምን ሆነ? ቀኑ አላለፈ፣ ዝናብ አልነካው!»

«አበልጅ፣» አለ ዴሲሚር፤ ድምፁ ዝቅ አለ፤ «ዘንድሮ አረቄውን የት ነው ያወጣነው?»

የግቮዝደን ዓይን ጠርሙሱ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«አንተም እኮ ነበርክ።»

«ነበርኩ። ተቀምጬበት ነበር። ዝም አልኩ፣ ጥፋቱ የኔም ነው። ግን ሲሚንቶው ሞቷል።»

ግቮዝደን ደብዳቤውን አራት አድርጎ አጠፈና ኪሱ ከተተ። ለመቀበሉ አልፈረመም። በሩ ጋ ሲደርስ ተመለሰ፤ ዴሲሚር ተስፋ አደረገ። ጠርሙሱን ሊወስድ ነበር የተመለሰው። ያዘና ወጣ።

ከዚያ ዝም። ስልክ የለም፣ ሰው የለም። ስታሜንካ ሳህኑን ፊቱ እያስቀመጠች አታናግረውም። ዬፊሚያ «አባ፣ የክርስትና አባቴ ደህና ነው?» ስትለው «ሥራ በዝቶበት ነው» ይላታል፤ ልጅቱ ግን ሞኝ አይደለችም። ሌሊት አይተኛም፣ ቀን ያዛጋል። ባልፈርም ኖሮስ፣ ሠርጉ እስኪያልፍ ብጠብቅ ኖሮስ፣ እያለ ያንኑ ነገር ያመላልሳል። የሚያሳዝነው ደግሞ እንደገና ቢጀመርም ያንኑ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር።

የአምስቱ ቀን ቀጠሮ በሞላበት ጠዋት የግቮዝደን የጭነት መኪና እያቃሰተ ሳይት ገባ። የሚነዳው ራሱ ነው። ጢሙን አልተላጨም። ከኋላ የተጫነው ግን ሲሚንቶ አልነበረም፤ ሶሌታ፣ ማለት የኮንክሪት ወለል፣ እስኪጠና የሚደገፍባቸው የብረት ቋሚዎች ናቸው።

«ድልድዩ ላይ ድጋፍ አላዘዝንም፣» አለ ዴሲሚር።

«ለድልድዩ አይደለም። ግባ።»

«ወዴት?»

«ግባ አልኩህ! መንገድ ላይ እነግርሃለሁ።»

ገባ። ግቮዝደን ማርሹን እያንጓጓ ነዳ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ደብዳቤህ ላይ የምርት ቁጥር አለ አይደል? ተናድጄ መጋዘን ሄድኩ፤ ውሸትህን ላጋልጥ። የቀረውን ከረጢት ሁሉ አገላበጥኩት። ጥግ ላይ፣ በሸራ ተሸፍኖ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ለዬፊሚያ ከፋብሪካ ያዘዝኩት ትኩሱ ሲሚንቶ! ሪባን ሁሉ አስሬበት ነበር። አልተነካም። የመጋዘኑ ልጆች ለበሩ የቀረበውን፣ ያንኑ እርጥበት የጠጣውን፣ ጭነውላታል።»

ዴሲሚር የመኪናውን በር እጀታ ጨብጦ ያዘ። የልጁ ሰገነት! ሶሌታው ከተሞላ ሦስት ሳምንት አልሞላውም። ሙሽራው ከሥር ጠረጴዛ ሊደረድር፣ ከላይ ሊያስጨፍር፣ ሶሌታውን ደግፎ የያዘውን እንጨት ዛሬ ሊያነሣ ነበር።

«ደወልክለት?»

«አያነሣም። ለሠርግ ሽር ጉድ የሚል ሙሽራ ስልክ ያነሣል?»

«ንዳው! ምን ትጠብቃለህ!»

ሲደርሱ ሙሽራው መዶሻ ይዞ ሰገነቱ ሥር ቆሟል። አንዱ እንጨት መሬት ላይ ወድቋል፤ ሁለተኛውን መምታት ጀምሯል። ዴሲሚር መኪናው ሳይቆም ዘለለ፤ በዚያ ዕድሜው! «ተው! ውጣ ከዚያ! ውጣ!» ብሎ የጮኸው ጩኸት ጎረቤቱን ሁሉ በር ላይ አወጣው። ሙሽራው መዶሻውን ጥሎ ሮጠ። ሶሌታው ከወደቀው እንጨት በላይ መሀሉን ስንጥቅ ብሏል፤ ጥፍር ያስገባል።

ሁለቱ ሽማግሎች ቋሚዎቹን አንድ በአንድ እያስገቡ አጠበቁ። ሲጨርሱ እግራቸውን ዘርግተው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ዬፊሚያ ውኃ አመጣችላቸው፤ ምን እንደሆነ ስትጠይቅ ግቮዝደን ዓይኗን ማየት አቃተው። «ጭፈራው መሬት ላይ ይሆናል፣ ልጄ። ሰገነቱን አፍርሼ ራሴ እሠራልሻለሁ፣» አላት።

ልጅቱ ስትሄድ የታጠፈውን ደብዳቤ ከኪሱ አወጣ። ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ፈረመበትና ለዴሲሚር ሰጠው። ቀጥሎ እስክሪብቶውንም አቀበለው።

«አሁን ሌላ ጻፍ።»

«ለምን?»

«ለዚህ ሰገነት ነዋ! ውድቅ ነው በል፣ ያንሣ በል፣ በራሱ ወጪ በል። ሰው ሁሉ ይየው፣ እፈርማለሁ።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ግን ‹ክቡር ሆይ› ብትለኝ በዚህ ቋሚ ነው የምልህ!»

ዴሲሚር የወረቀቱን ጀርባ ገለበጠ። ከዚያም «አበልጄ ሆይ» ብሎ ጀመረ።