በቆዳ መጋዘኑ በር ላይ የተለጠፈው ምክር

ይርጋ ከቆዳ መጋዘኑ ሲወጣ እጁን በአመድ ያሻል፣ በሎሚ ይፈትጋል፣ እንደገና በውኃ ያጥባል። ሽታው ግን ንቅንቅ አይልም። እርጥብ ሌጦ ላይ የቀረ ሞራ ሲፋቅ የሚወጣው ግም ሽታ ጥፍር ሥር ይገባና እዚያው ይከርማል። ክፍል ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጡት የባላገርና የጸሐፊ ልጆች አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይይዛሉ። አንዳንዱ ደግሞ እስላም ያረደውን ቆዳ ይነካል ብሎ እንጀራ አብሮት አይቆርስም። ይርጋ አይፈርድባቸውም፤ እሱ ራሱ ሥራውን ይጸየፈዋል። ቢጸየፈውም ከሳይንት በር እስከ ንፋስ መውጫ ገበያ ድረስ ለተማሪ ሰዓት የሚያከብር አሠሪ ከነጋዴው ከአቶ አብደላ ሌላ አላገኘም።

በንጉሡ ዘመን፣ ንፋስ መውጫ በቆርቆሮ ቤት ላይ ቆርቆሮ ቤት በምትጨምርበት ጊዜ ነው። በስማዳዋ ከተማ በወገዳ ገና ስምንተኛ ክፍል ስላልተከፈተ የስማዳ ልጅ ሁሉ ስንቁን አዝሎ ወደዚህ ይመጣል። ስንቁ ሲያልቅ ሥራ ይፈልጋል፤ ሥራ ሲያገኝ ትምህርቱን ይጥላል። የስምንተኛ ክፍል አስተማሪና የትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጅ የሆነው መምህር ዋለ ይህን አይቶ በመስከረም እዚያው ክፍል የሚማረውን ይርጋን ጠራው። ከተማው እያደገ ነው፣ እየሠሩ ለሚማሩ አዲስ ገቢዎች የሚጠቅም ምክር ጻፍ፣ አንተ ኑሮውን ታውቀዋለህ አለው። ይርጋ ደስ አለው። የሚሸት እጁ ለአንድ ቁም ነገር ተፈለገ።

የጻፈው ሁሉ የደረሰበትን ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የትምህርት ሰዓታችሁን ለአሠሪያችሁ አሳዩ፤ ውሉን በሽማግሌ ፊት አድርጉት፤ የገበያ ቀን ሙሉውን ሥሩና በሌላው ቀን ከክፍል በኋላ ብቻ ግቡ። ለኩራዝ ጋዝ ከመግዛት ጎሕ ሲቀድ ተነሥታችሁ አንብቡ። ደብተር ቆዳ ካለበት ቤት አታሳድሩ፣ አይጥ ይበላዋል። ቆዳ ቤት የምትገቡ ደግሞ በሁዳዴ ሥራው ቀላል መሆኑ አያታልላችሁ፤ ክርስቲያኑ ስለማያርድ ነው። በፋሲካ ጾሙ ሲፈታ ቆዳው እንደ ጎርፍ ይመጣል፣ ፈተናውም ከኋላው ይከተላል። ስለዚህ ጥናታችሁን በጾሙ ጨርሱ፣ ለአሠሪያችሁም ከወዲሁ ንገሩት።

መምህር ዋለ አነበበና አፍንጫውን ነፋ። "ሰሌዳዬን አታግማብኝ። እኔ አሳምሬ እገለብጠዋለሁ" አለው።

እውነትም አሳመረው። ከሁለት ቀን በኋላ ሰሌዳው ላይ የወጣው ጽሑፍ ዙሪያው በቀለም ሐረግ የተሣለ፣ ፊደሉ የሚያምር ነበር። ውሉ የለም፣ ሽማግሌው የለም፣ ፋሲካውም የለም። ታዛዥ ሁኑ፣ ትጉ፣ ፈጣሪያችሁን ፍሩ ይላል። መጨረሻው ላይ "ከሥራ ሁሉ የሚሻለው በአስተማሪ ቤት አድሮ ማገልገል ነው፤ ደመወዙ እውቀት ነው" የሚል ተጨምሮበታል። ከሥሩ የይርጋ ስም ተጽፏል። ይርጋ ቀዶ ሊጥለው ፈለገ። ግን ለፈተና ሲመዘገብ የጠባይ ምስክር የሚጽፍለት ይኸው ሰው ነው። ምላሱን ዋጠና ከአቶ አብደላ ጭነት ጋር ደብረ ታቦር ወረደ። ዝም ማለቱ ብልህነት መስሎት ነበር።

ሲመለስ የአክስቱ ልጅ ታደለች ከስማዳ ደርሳ ነበር። አክስቱ ልጅቷን አደራ ያለችው ለሱ ነው፤ እሱም ከአቶ አብደላ ሚስት ከወይዘሮ ሀዋ ጋር ተነጋግሮ፣ ከክፍል በኋላ በርበሬ እንድትለቅም ሥራ ይዞላታል። ታደለች ግን ሀዋ ዘንድ አልሄደችም። መምህር ዋለ ቤት ገብታለች። ይርጋ ምነው ቢላት በቅሬታ አየችው። "አንተ ራስህ ጽፈህ የለ? ስምህን አይቼ ነው የገባሁት" አለችው። 

ሴት ልጅ ስምንተኛ ክፍል የምትደርሰው በስንት ልመና ነው። አባቷ ፈተናውን ከወደቀች ወዲያው እንደሚድራት ነግሯታል፣ ባሉም ተቆርጦላታል። እሷ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ምንጭ ትወርዳለች፣ ትፈጫለች፣ የመምህሩን ሸሚዝ ታጥባለች። ክፍል ስትደርስ አንድ ክፍለ ጊዜ አልፏል፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አትደርስም። መቅረት የበዛበት ተማሪ ለፈተና አይመዘገብም።

ይርጋን ያንገሸገሸው ግን ሌላ ነው። ስም የሚጠራው መምህር ዋለ ነው። ጠዋት ገና እሷ የተኮሰችለትን ሸሚዝ ለብሶ ይመጣል፣ መዝገቡን ይገልጣል፣ "ታደለች" ይላል። ዝም ሲባል ቀና እንኳ ሳይል "ቀሪ" ብሎ ይጽፋል። የት እንዳለች ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የላካት እሱ ነው። ይርጋ በትል የተበላ ቆዳ ሲገለብጥ ኖሯል፤ እንዲህ ያለ ግማት ግን ገጥሞት አያውቅም። ቆዳውስ ጨው ቢነሰንሱበት ይድናል። ይህ ሰው በምን ይታጠባል?

ደግሞ ከሱ ብሶ ራሱን ተጸየፈ። ስሙ አሁንም ሰሌዳው ላይ ነው። ልጅቷን ያስገባት ያ ስም ነው።

ስለዚህ ምክሩን እንደገና ጻፈው፤ በራሱ ፊደል፣ ያኔ እንደጻፈው፣ ከነፋሲካው ከነአይጡ። ከላይ፣ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ የወጣው የኔ አይደለም አለ። መጨረሻውም እንዲህ ነበር፦ "ስም ሲጠራ ክፍል ውስጥ ተገኙ፤ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ የለም። ስም ጠሪው ራሱ አሠሪያችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱን ልቀቁ።" አቶ አብደላን አስፈቅዶ ገበያተኛ ሁሉ በሚያልፍበት በመጋዘኑ በር ላይ ለጠፈው። አቶ አብደላ የአማርኛ ፊደል ብዙም አያነብም፤ ምን እንደሚል አስነበበና ጢሙን አሻሸ። ከዚያ ነፋስ እንዳይወስደው ብሎ አራት ሚስማር ሰጠው።

ወሬው ከይርጋ ቀድሞ ትምህርት ቤት ገብቷል። በማግሥቱ መምህር ዋለ ፊቱን አጥቁሮ መጣ፣ መዝገቡን ገለጠ፣ ስም ጠራ። "ታደለች" አለ። ብዕሩን ሲያነሣ ይርጋ ቆመ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ቤት ናት። ሸሚዝዎን እያጠበች ነው።"

የሳቀ የለም። አፍንጫቸውን ይይዙ የነበሩት ልጆች እጃቸውን አወረዱ። መምህር ዋለ ጆሮው ቀላ። ጠባይህን ያየ የምስክር ወረቀት ይጽፍልህ እንደሆነ እናያለን፣ የቆዳ ቤት ውሻ አለው። በሩ አጠገብ ጠጠሩ ላይ አንበረከከው። ይርጋ ጉልበቱ ሥር ጠጠሩ ሲገባ የመጨረሻ ዓመቱ እንዳለቀ ቆጠረው። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እዚህ ግን መከራው ያገኘው መካሪውን ነው።

በዚህ መካከል በሩ ተከፈተ። ታደለች ናት። እጇ እስከ ክርኗ እርጥብ ነው፣ ደብተሯን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣለች። ጠዋት ሳሙና ግዢ ተብላ ገበያ ተልካ ነበር። ሳሙና የሚሸጠው የአቶ አብደላ ሱቅ ደግሞ ከመጋዘኑ ጋር አንድ በር ነው። በሩ ላይ ያለውን ቆማ አንብባለች፤ አንብባ ወደ ቤት ተመልሳ ዘፍዝፋው የሄደችውን ሸሚዝ ከነገንዳው ደጅ ላይ ደፍታ መጥታለች።

ይርጋን ተንበርክኮ ስታየው ቆም አለች። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ፊት ሄደች፣ ሳሙናውን በተገለጠው መዝገብ ላይ፣ በስሟ ትክክል አስቀመጠችው።

"አለሁ" አለች።