ለሚዛኑ መሰኪያ የሌለው ኮምፒውተር

ወንድሜ ለመደብራችን ኮምፒውተር ሊገዛ እንደሆነ የሰማሁት ለሚስቱ ሲያወራ ነው። እኔ ከጓዳ ምስማርና ብሎን በኪሎ እየመዘንኩ ክብደቱን እነግረዋለሁ፤ እሱ ከፊት ሆኖ ገንዘብ ይቀበላል። ወላጆቻችን እኔን ከስምንተኛ ክፍል አስወጥተው እሱን ሲያስተምሩ "ለሁላችሁም ይሆናል" ብለው ነበር። እንደሆነው ሆነ።

"ሚዛኑ ክብደቱን ራሱ ወደ ኮምፒውተሩ ይልካል" አላት። "ያኔ ጓዳው የታመነ ሰው አያስፈልገውም። እሱን አሰናብቼ የቀን ሠራተኛ አስገባለሁ።"

የታመነ መባሌን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ባለሙያው መጣ። ምን ተበላሸ ቢሉት "ሚሞሪ ይጨመርበት" ስለሚል ሰፈሩ ሚሞሪ ይለዋል።

"ለደረሰኝና ለዕቃ ቆጠራ ከሆነ ትልቅ ነገር አይፈልግም ጋሼ። ስምንት ጊጋ ሚሞሪና ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ጊጋ ኤስኤስዲ ማከማቻ ይበቃል።"

"ጎኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ የሚበራ የለም? ፋርማሲው አለው።"

"እሱ የጌም ነው። ደረሰኝ ጌም አይጫወትም። በዚያ ብር ዩፒኤስ ይግዙ፤ መብራት ሲጠፋ ሽያጩ መሃል ላይ እንዳይቆረጥ።"

ወንድሜ አኮረፈ፤ ግን እሺ አለ።

"ከኮምፒውተሩ ጋር ምን ምን ይገናኛል?" አለ ሚሞሪ።

"ማተሚያው፣ የባርኮድ ማንበቢያው፣ የገንዘብ መሳቢያው።"

"መሳቢያው ከማተሚያው ላይ ነው የሚሰካው። ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

ሌላማ አለ። ከሚዛኔ ኋላ አሮጌ ዓይነት ባለዘጠኝ ፒን መሰኪያ አለ። ወንድሜ ግን ሶፍትዌሩ ሚዛኑን በዓይኑ አይቶ የሚያነብ መስሎታል።

ሚሞሪ ወደ ጓዳ ዞሮ "እርስዎስ የሚጨምሩት አለ?" ሲለኝ ወንድሜ ቀደመኝ፦ "ተወው፣ እሱ ምኑን ያውቀዋል።"

ወደ ምስማሬ ተመለስኩ። ዝም አይነቅዝም።

ኮምፒውተሩ ቀጭን ሣጥን ነው፤ መሰኪያው ሁሉ ዩኤስቢ። ሁሉም ተሰክቶ ሲያልቅ ወንድሜ ከሚዛኑ ኋላ የተሰካ ገመድ አየና ጎትቶ አመጣ።

"ይቺንም ሰካት።"

ሚሞሪ ገመዷን አገላብጦ አየ። "ጋሼ፣ ለዚህ የሚሆን የለውም። ቀድመው ቢነግሩኝ ሲሪያል የሚባለው የድሮ መሰኪያ ያለውን እመርጥልዎ ነበር። አሁንም ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ አለ፤ ርካሽ ነው።"

"አንተ እዚህ ከገባህ ጀምሮ ርካሽ ያላልከው ምን አለ? ኪሴ ግን ተራቁቷል።"

"ጋሼ፣ ገንዘብ ምን ያስወጣሃል?" አልኩ ከጓዳ። "እንደ ድሯችን እኔ ክብደቱን ልጥራ፤ አንተ ጻፍ።"

ወንድሜ ሐሳቤን ሲቀበል የመጀመሪያው ነው። ነጻ ስለነበር ይሆናል።

አሁን ደንበኛ ምስማር ሲያዝ ወንድሜ ጣቱን ቁልፎቹ ላይ አድርጎ አንገቱን ወደ ጓዳ ያሰግጋል። እኔ ካልተናገርኩ ደረሰኙ አይወጣም።

"ስንት ነው?"

"ቆይ፣ ይረጋ" እለዋለሁ።

ሚዛኑ ከረጋ ቆይቷል።